ከጣሪያ ላይ ስንት ውሃ ይሰበሰባል፣ ታንከሩስ ስንት ሊትር ይሁን? (ጎጃም ያለ አንድ ቤት ላይ እየሰላን)

ደንበጫ አካባቢ ያለው የእናቴ ቤት ላይ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ከሰራን ሁለት ክረምት አለፈ፣ ከዛ ወዲህ ዘመድም ጎረቤትም ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፣ "ስንት ሊትር ታንከር ልግዛ?"። አብዛኛው ሰው ኪሱን አይቶ ይገዛል፣ ወይ ደግሞ ሐምሌ ላይ ከጣሪያው የሚወርደውን ጎርፍ አይቶ "ይሄ ሁሉ ውሃ" ብሎ ይደነግጥና የማያልቅ መስሎት ትንሽ በርሜል ብቻ ይደረድራል። እኛ አካባቢ ግን የታንከሩን ልክ የሚወስነው ጣሪያውም የሐምሌ ዝናብም አይደለም፣ ከህዳር እስከ ሚያዝያ ያለው ደረቅ ጊዜ ነው። ይሄን ነገር በደንብ ካልያዛችሁ ስሌቱ ትክክል ሆኖም ታንከሩ የካቲት ላይ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ የእናቴን ቤት ይዤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ላሳያችሁ፣ እናንተ የራሳችሁን ቁጥር እየተካችሁ ስሩት።

1. ጣሪያውን መሬት ላይ ሆናችሁ ለኩ

ጣሪያ ላይ መውጣት አያስፈልግም። የሚፈለገው የቆርቆሮው የተንጋደደ ርዝመት ሳይሆን ጣሪያው መሬት ላይ የሚሸፍነው ቦታ ነው፣ ምክንያቱም ዝናቡ ከላይ ወደ ታች ነው የሚመጣው፣ ጣሪያው ቢቆምም ቢተኛም የሚቀበለው ዝናብ በስሩ የሸፈነው ቦታ ልክ ነው። ቆርቆሮውን በተንጋደደው ከለካችሁት ስፋቱ ይጨምርባችኋል፣ የሌለ ውሃ ትቆጥራላችሁ ማለት ነው።

የእናቴ ቤት ግድግዳው 8 በ6 ሜትር ነው፣ ቆርቆሮው ደግሞ በየጎኑ ግማሽ ሜትር ከግድግዳው ውጪ ይወጣል፣ ስለዚህ ጣሪያው 9 በ7 ሜትር ነው፣ 63 ካሬ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት አንዲት ነገር አለች፣ የምትቆጥሩት አሸንዳ ያለውን ጎን ብቻ ነው። ጣሪያው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያፈስ ሆኖ አሸንዳ የተገጠመው ፊት ለፊት ብቻ ከሆነ የናንተ ጣሪያ 63 ሳይሆን 31 ካሬ ተኩል ነው። የኋላው ለጓሮው ጎመን ነው የሚሄደው።

የሳር ክዳን ከሆነ ይሄ ስሌት አይሰራላችሁም፣ ሳሩ ራሱ ብዙ ውሃ ይመጥጣል፣ የሚወርደው ውሃም ቀለም ያለው ስለሆነ ለመጠጥ አይሆንም።

2. 1 ሚሜ ዝናብ ለናንተ ስንት ሊትር እንደሆነ እወቁ

1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ ልክ 1 ሊትር ነው። ከዚህ የቀለለ ስሌት የለም። ግን የወረደው ሁሉ ታንከር አይገባም፣ ትንሹ ቆርቆሮውን አርጥቦ በፀሐይ ይተናል፣ ትንሹ ከአሸንዳው ይፈናጠራል፣ ሲበረታ ደግሞ ይዘላል። ለቆርቆሮ ጣሪያ 0.8 ተብሎ ነው የሚያዘው፣ ማለትም ከ10 ሊትር 8ቱ ይገባል። አሸንዳው በጣም ጥሩ ከሆነ 0.9 ሊደርስ ይችላል፣ እኔ ግን በ0.8 ነው የምሰራው።

የእናቴ ቤት፦ 63 × 0.8 = 50.4። ስለዚህ 1 ሚሜ ዝናብ ለእሷ በግምት 50 ሊትር ነው፣ ሁለት ጀሪካን ተኩል። ይችን አንዲት ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በእሷ ነው የሚሰራው።

3. የወር በወር ዝናብ ያዙ

"በዓመት 1300 ሚሜ" የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይጠቅማችሁም፣ መቼ መቼ እንደሚዘንብ ነው የሚፈለገው። ደብረ ማርቆስ አካባቢ በአማካይ በዓመት ወደ 1300 ሚሜ ይዘንባል፣ ባህር ዳርም ከዚያ ብዙ አይርቅም፣ እንጅባራ በኩል ይበልጣል፣ ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ ደግሞ ይቀንሳል። ለአካባቢያችሁ የሚሆነውን ከሜትዮሮሎጂ ጣቢያ መረጃ ጠይቁ፣ የወረዳ ግብርና ቢሮም አንዳንዴ አለው። መረጃው በፈረንጅ ወር ነው የሚመጣው፣ እና ጁላይ ማለት ሙሉ በሙሉ ሐምሌ አይደለም፣ ከሰኔ 24 እስከ ሐምሌ 24 ነው፣ ስለዚህ ጥቅምትና ህዳር ላይ ስትሰሉ ይሄን አስቡ፣ ክረምቱ የሚወጣበት ወር ላይ አስር ቀን ብዙ ነው።

እኔ ለእናቴ ቤት የያዝኩት ለክፉ ዓመት እንዲሆን ከአማካዩ ትንሽ ዝቅ ያለ፣ የተጠጋጋ ቁጥር ነው። በሚሜ እንዲህ ነው፦

ሰኔ 140፣ ሐምሌ 270፣ ነሐሴ 270፣ መስከረም 170፣ ጥቅምት 60፣ ህዳር 15፣ ታህሳስ 10፣ ጥር 10፣ የካቲት 15፣ መጋቢት 40፣ ሚያዝያ 50፣ ግንቦት 80።

ሲደመር 1130 ሚሜ ነው። በ50 ስናባዛው በዓመት 56,500 ሊትር ከአንዲት ትንሽ የቆርቆሮ ቤት ላይ ይወርዳል። ይሄን ስነግራት እናቴ "ይሄ ሁሉ ውሃ እየፈሰሰብኝ ነው እኔ ምንጭ ለምንጭ የምንከራተተው?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ግን ከዚህ ውስጥ 42,500 ሊትሩ በአራት ወር ውስጥ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው የሚወርደው፣ ያኔ ደግሞ ምንጩም ጉድጓዱም ሙሉ ነው።

4. የምትጠቀሙትን በግምት ሳይሆን ቆጥራችሁ ያዙ

እናቴን በቀን ስንት ጀሪካን ትጠቀማላችሁ ስላት "ሁለት ይበቃናል" ብላኝ ነበር። እዛ ቤት አራት ሰው ነው የሚኖረው። አንድ ሳምንት ሙሉ ጀሪካን ባዶ በሆነ ቁጥር ከሰል ይዘው የማድቤቱ ግድግዳ ላይ እንዲያሰምሩ አደረግን፣ ሰባት ቀን ላይ 21 መስመር ተሰመረ። ሶስት ጀሪካን በቀን፣ 60 ሊትር። ልብስ ወንዝ ወርደው ስለሚያጥቡ ነው እንጂ እሱ ቢጨመርማ ይበልጥ ነበር። ጠላ የሚጠመቅበት ሳምንትም ይለያል፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ የሚያስፈልገውን ለብቻ አስቡት።

የኛ ወር 30 ቀን መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅመናል፦ 60 × 30 = 1,800 ሊትር በወር። ጳጉሜ ክረምት ላይ ስለሆነች አታስጨንቅም።

5. ታንከሩን ስሉት (ዋናው ነገር እዚህ ነው)

አሁን የምንጠይቀው "ስንት ይገባል" ሳይሆን "ዝናቡ ከቆመ በኋላ ስንት ይጎድላል" ነው። ከየወሩ ገቢ ላይ ወጪውን 1,800 ቀንሱ፣ የሚጎድለውን እየደመራችሁ ሂዱ፣ ድምሩ ከፍ ያለበት ቦታ የታንከራችሁ ልክ ነው።

በወረቀቱ ቁጥር ብቻ ስንሄድ ጥቅምት 3,000 ሊትር ይገባል፣ ከወጪው ይበልጣል፣ ችግር የለም። ህዳር 750 ገብቶ 1,050 ይጎድላል። ታህሳስ 500 ገብቶ 1,300 ይጎድላል፣ ጥርም እንደዛው፣ የካቲት እንደገና 1,050። ድምሩ 4,700። መጋቢት 2,000 ስለሚገባ ጉድለቱ ይቆማል። እንግዲህ 5,000 ሊትር ታንከር ይበቃል ማለት ነው? ወረቀቱ አዎ ይላል። እኔ ግን አይበቃም እላለሁ፣ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

የበጋ ዝናብ አማካይ ያታልላል። ጥር 10 ሚሜ ሲባል በየዓመቱ 10 ሚሜ ይዘንባል ማለት አይደለም፣ አንዱ ዓመት 30 ዘንቦ ሁለቱ ዓመት ምንም ሳይዘንብ ቀርቶ ነው። ሲዘንብም ሁለት ሶስት ሚሜ እያካፋ ነው የሚመጣው፣ ያም ቢሆን ለሁለት ወር አቧራና የወፍ ኩስ የተጠራቀመበት ቆርቆሮ ላይ ነው የሚወርደው፣ መጀመሪያ የሚወርደውን ደግሞ መድፋት አለባችሁ (ወደታች እመጣበታለሁ)። ስለዚህ ታንከር ውስጥ የሚገባ ነገር የለውም። እኔ የማደርገው ይሄ ነው፦ ከህዳር እስከ የካቲት ያለውን ዝናብ ዜሮ አድርጌ እይዛለሁ፣ መጋቢት፣ ሚያዝያና ግንቦትን ደግሞ በግማሽ።

እንዲህ ሲሰላ ከህዳር እስከ የካቲት አራት ወር በ1,800፣ 7,200 ሊትር ይጎድላል። መጋቢት 1,000 ገብቶ 800 ይጎድላል፣ 8,000 ደረሰ። ሚያዝያ 1,250 ገብቶ 550 ይጎድላል፣ 8,550። ግንቦት 2,000 ስለሚገባ ጉድለቱ ይቆማል። ስለዚህ የሚያስፈልገው 8,550 ሊትር ነው፣ ገበያ ላይ ካለው ልክ ጋር ስናስጠጋው 10,000። አራቱ ሰዎች በቀን አራት ጀሪካን ቢጠቀሙ ኖሮ በዚሁ መንገድ 12,550 ይመጣ ነበር፣ ማለትም አንዲት ጀሪካን በቀን መጨመር 4,000 ሊትር ታንከር ታስጨምራለች።

ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ ጣሪያውን በእጥፍ ብታሳድጉት ለበጋው የሚጨምረው ነገር የለም፣ ዜሮ በምንም ቢባዛ ዜሮ ነው፣ ስለዚህ አጎራባች ቤት ጣሪያ ጨምሩ የሚሏችሁን ከመስማታችሁ በፊት ስሌቱን እዩ። ሁለተኛ 10,000 ሊትሩ ይሞላል ወይ ብላችሁ አትስጉ፣ ሐምሌ ብቻዋን 13,500 ሊትር ታመጣለች። ጣሪያው በጣም ትንሽ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ 15 ካሬ ማድቤት ብቻ ካላችሁ፣ 1 ሚሜ 12 ሊትር ብቻ ነው፣ ያኔ ክረምቱን ሙሉ እየተጠቀማችሁበት 10,000 አይሞላላችሁም፣ ታንከሩን ወደ ታች አውርዱት።

6. ከመግዛታችሁ በፊት የአሸንዳውን ከፍታ ለኩ

ይሄን እኛ ልንሳሳት ትንሽ ቀርቶን ነበር። አንድ ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ልንገዛ ዋጋ ሁሉ ተነጋግረናል፣ ከዛ ግንበኛው "አሸንዳው ከመሬት ስንት ነው?" ብሎ ጠየቀ። ስንለካ 2 ሜትር ከ80 ሆነ። ያየነው ታንከር ቁመቱ ብቻውን 2 ሜትር ከ70 ነው፣ ከስሩ ደግሞ ጀሪካን ቧንቧው ስር እንዲቆም 50 ሳንቲም መቀመጫ ያስፈልገዋል፣ ውሃው ወደ ላይ ሊወጣ ነው ማለት ነው። ስለዚህ አጠር ያሉ ሁለት ባለ 5,000 ገዛን፣ ቁመታቸው 2 ሜትር ገደማ፣ ከመቀመጫው ጋር 2 ሜትር ተኩል፣ ከአሸንዳው ስር 30 ሳንቲም ቀረን።

ሁለት ስታደርጉ መቀመጫቸው እኩል ከፍታ ላይ ይሁን፣ በውሃ ልክ አረጋግጡ፣ ከስር በቱቦ ስለሚገናኙ አንዱ 10 ሳንቲም ዝቅ ካለ እሱ ሞልቶ ሲፈስ ሌላው ሳይሞላ ይቀራል። በየታንከሩ መውጫ ላይ ለየብቻ መዝጊያ ቫልቭ አድርጉ፣ አንዱ ቢያፈስ ሌላውን ታተርፋላችሁ።

10,000 ሊትር ውሃ 10 ቶን ነው። መሬቱ መረሬ ከሆነ በበጋ ይሰነጠቃል በክረምት ያብጣል፣ የድንጋይ ግንቡን ጥቁሩን አፈር ቆፍራችሁ ጠንካራው ላይ ካልጀመራችሁት መቀመጫው ይዘምና ቱቦው ይሰበራል። ሞልቶ የሚተርፈው ውሃም በቱቦ ራቅ ብሎ ይፍሰስ እንጂ መቀመጫው ስር አይውረድ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ በየቀኑ ነው የሚተርፈው።

7. አሸንዳውና የመጀመሪያው ውሃ

ኃይለኛ ዝናብ በደቂቃ 1 ሚሜ ሊወርድ ይችላል፣ ያኔ ከአንዱ ጎን ብቻ በደቂቃ ከ30 ሊትር በላይ ነው የሚመጣው። አሸንዳው ወደ መውረጃው ቱቦ በትንሹም ቢሆን ማዘንበል አለበት፣ እኛ በ10 ሜትር 5 ሳንቲም ሰጥተናል፣ ማንጠልጠያው ከሜትር በላይ ከተራራቀ መሀሉ ይረግባል።

መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ መደፋት አለበት ያልኩት ግማሽ ሚሜ ያህሉን ነው፣ ለ63 ካሬ ከ30 ሊትር በላይ፣ አንድ ጀሪካን ተኩል። ረጅም ደረቅ ጊዜ ካለፈ ከዚያም በላይ ይደፋ። እኛ ቀላሉን መንገድ ነው የመረጥነው፣ ታንከሩ አፍ ላይ ያለውን ኤልቦ ሙጫ ሳንቀባ ተውነው፣ ዝናብ ሲጀምር ወደ ውጪ ይዞራል፣ የሚወርደው ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ንፁህ ሲሆን ይመለሳል። በጥልቅ ክረምት ቆርቆሮው በየቀኑ ስለሚታጠብ ማዞሩ አያስፈልግም። ታንከሩ መግቢያ ላይ ወንፊት፣ ማፍሰሻው ጫፍ ላይ ደግሞ ለወባ ትንኝ የሚሆን ደቃቅ ወንፊት እሰሩ፣ ክዳኑ ብርሃን ካስገባ ውሃው አረንጓዴ ያወጣል። ለመጠጥ የሚሆነውን አፍሉት ወይ ውሃ ማከሚያ ጨምሩበት።

8. ስሌቱን በአንድ ዝናብ ፈትኑት

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ስሌታችሁ እውነት መሆኑን በአንድ ቀን ማወቅ ትችላላችሁ። ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ዛፍና ጣሪያ የማይጋርደው ቦታ አስቀምጡ፣ ዝናቡ ሲያባራ ውስጡ ያለውን ውሃ በማስመሪያ ለኩ፣ ያ ሚሜው ነው።

የታንከሩን ስፋት ደግሞ ዙሪያውን በገመድ ለክታችሁ ለ3.14 አካፍሉት። የኛ አንዱ ዙሪያው 5 ሜትር ከ65 ነው፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ80 ወጣ፣ ሁለቱ ተደምረው 1 ሳንቲም ከፍታ ላይ 50 ሊትር ገደማ ይይዛሉ። አያችሁ፣ በአጋጣሚ 1 ሚሜ ዝናብ ለኛ ታንከሩን 1 ሳንቲም ከፍ ያደርገዋል፣ የናንተ ሌላ ይሆናል ግን አንዴ አውጥታችሁ ያዙት።

የመጀመሪያው ሐምሌ ላይ ጣሳው 12 ሚሜ አሳየ፣ ታንከሩ 12 ሳንቲም ከፍ ማለት ሲገባው ዘንግ አስገብተን ስንለካ 7 ብቻ ነው የጨመረው። ወደ ግማሽ የሚጠጋ ውሃ የት ገባ? ቤቱን ስንዞር የኋላው ግድግዳ ስር፣ ከመውረጃው ቱቦ በተቃራኒው ጫፍ ላይ፣ ጭቃው ተፈናጥሮ ግድግዳውን እስከ ጉልበት ድረስ ቀብቶታል። የኋላው አሸንዳ በተቃራኒው አዘንብሏል፣ ውሃው ወደ ቱቦው መሄዱን ትቶ በጫፉ ይፈስ ነበር። ሁለት ማንጠልጠያ ነቅለን ከፍ አድርገን መታን፣ በሚቀጥለው ዝናብ ጣሳው 9 ሲል ታንከሩ 9 ሊሞላ ትንሽ ቀረው። እናንተም ግማሽ ገደማ ወይ ከዚያ በታች ከሆነባችሁ መጀመሪያ አንዱን ጎን ጠርጥሩ፣ ከ10 እጅ ሁለት ሶስቱ ብቻ ከጎደለ ደግሞ መገጣጠሚያውንና ቅጠል የደፈነውን ቦታ እዩ።

9. ዘንጉ ላይ ወሩን ምልክት አድርጉ

ታንከሩን የምታጥቡት ግንቦት ላይ ዝቅ ብሎ ሳለ ነው፣ መስከረም ላይ አጥባለሁ ብሎ የሚደፋ ሰው አይቻለሁ፣ ከዛ በኋላ ክረምቱ ወጣና በግማሽ ታንከር በጋ ገባ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሙሉ መሆን አለበት፣ ይሄ አይቀየርም። ቧንቧውንም ያኔ ፈትሹ፣ ማታ ስሩ ጣሳ አስቀምጡና ጠዋት እዩ፣ በቀን 5 ሊትር የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ከህዳር እስከ የካቲት 600 ሊትር ይወስዳል፣ 30 ጀሪካን ነው።

የኛ ታንከር ሲሞላ ውሃው 190 ሳንቲም ነው፣ ቧንቧው ከስር 10 ሳንቲም ከፍ ስላለ ከዛ በታች ያለው አይወጣም። በወር 1,800 ሊትር ማለት 36 ሳንቲም ነው። ስለዚህ ቀጥ ያለ የባህር ዛፍ ዘንግ ወስደን በቢላ ምልክት አደረግንበት፦ ጥቅምት መጨረሻ 190፣ ህዳር መጨረሻ 154፣ ታህሳስ 118፣ ጥር 82፣ የካቲት 46፣ መጋቢት 30፣ ሚያዝያ 19። እናቴ ቁጥር አትጠቀምም፣ ቁርጦቹን ነው የምታየው፣ በየወሩ መጨረሻ ዘንጉን አስገብታ እርጥቡ ከቁርጡ በላይ ከሆነ እንደለመደችው ትቀጥላለች፣ በታች ከሆነ ዕቃ ማጠቢያውን ከምንጩ ታስመጣለች። ዘንድሮ ጥር መጨረሻ ላይ ለጥምቀት ጠላ ስለተጠመቀ እርጥቡ ከቁርጡ አራት ጣት ዝቅ ብሎ ነበር፣ የካቲትን በቀን አንድ ጀሪካን ከምንጩ ሁለት ጀሪካን ከታንከሩ አድርገው መጋቢት ላይ ቁርጡን አልፈው ተገኙ።